ጉድጓዱ የት ይቆፈር? ሽንት ቤቱስ? የእጅ ጉድጓድን ከሽንት ቤት ፍሳሽና ከጎርፍ መጠበቂያ መመሪያ

ሚያዝያ ላይ ደረቅ የነበረ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነሐሴ ላይ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሊገኝ ይችላል። ቆፋሪ የሚጠራው በበጋ ነው። ሽንት ቤትም የሚቆፈረው በበጋ ነው። በዚያ ወቅት ሲታይ በሽንት ቤቱ ጉድጓድ የታችኛው ወለልና በከርሰ ምድር ውሃው መካከል ብዙ ደረቅ አፈር አለ። ክረምቱ ሲጠነክር ግን ውሃው ሽቅብ ይመጣል፤ ያ ደረቅ አፈርም ይጠፋል።

ከሽንት ቤት የሚወርደውን ቆሻሻ የሚያጣራው ዋናው ነገር ይሄ ደረቅ አፈር ነው። ፍሳሹ በደረቅ አፈር ውስጥ ሲወርድ ቀስ ይላል። ጀርሞቹ ከአፈሩ ጋር ይጣበቃሉ፣ ጊዜ ያልፍባቸዋል፣ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ሽንት ቤቱ ውሃው ውስጥ ከገባ ግን ማጣሪያ የለም። ቆሻሻው በቀጥታ ከውሃው ጋር ወደ ጎን ይሄዳል።

«ሽንት ቤትና ጉድጓድ 30 ሜትር ይራራቁ» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ጥሩ መነሻ ነው። ከእሱ ጋር አብሮ የሚሄደው ሌላ ልክ ግን እምብዛም አይነገርም፦ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የታችኛው ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ያ ውሃ ደግሞ የሚለካው በዓመቱ ውስጥ ከፍ በሚልበት ጊዜ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው።

ነገሩን በአንድ ግቢ ላይ እንየው። ቦታው የፎገራ ሜዳ ዳርቻ፣ ወረታ አካባቢ ይሁን። አፈሩ ዋልካ ነው። መሬቱ ለጥ ያለ ሆኖ ወደ ጣና፣ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይይዛል። ግቢው 25 ሜትር በ40 ሜትር ነው እንበል። መንገዱ በምሥራቅ ነው፤ ትንሽ ከፍ ይላል። ማድ ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ነው። ሽንት ቤቱ ሰሜን አጥሩ ጥግ፣ ከመንገዱ 8 ሜትር ገባ ብሎ ይገኛል፤ ጥልቀቱ 4 ሜትር ነው። ባለቤቶቹ ጉድጓዱን የሚፈልጉት ማድ ቤቱ አጠገብ ነው፤ ከሽንት ቤቱ 12 ሜትር ላይ። ልኮቹን ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው። አሠራሩን ግን በየትኛውም ግቢ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

1. የነሐሴን ውሃ እወቁ

ቆፋሪ ከመጥራታችሁ በፊት ጉድጓድ ያላቸውን ጎረቤቶች ጠይቁ። «ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው?» ብትሉ ጥሩ መልስ አታገኙም። «ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስትቀዱ ገመዱ ስንት ክንድ ይገባል? ሚያዝያ ላይስ?» በሉ። በየቀኑ የሚቀዳ ሰው ይሄን አይስትም። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ከጉድጓዱ አፍ እስከ መሬት ያለውን ከፍታ መቀነስ አትርሱ።

የጉድጓዱን ግድግዳም በባትሪ እዩ። ክረምት ላይ ውሃው የደረሰበት ቦታ ብዙ ጊዜ መስመር ይተዋል። ከመስመሩ በታች ግድግዳው ይጠቁራል፤ የድንጋይ ሽበት ወይም ዝቃጭ ይይዛል።

በምሳሌያችን ግቢ አካባቢ ውሃው ሚያዝያ ላይ 7 ሜትር ላይ ነው፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ 2.5 ሜትር ላይ ይደርሳል። እንግዲህ አስቡት። 4 ሜትር የተቆፈረው ሽንት ቤት ሚያዝያ ላይ ከታቹ 3 ሜትር ደረቅ አፈር አለው። ማንም ቢያየው ደህና ነው ይላል። ነሐሴ ላይ ግን ከወለሉ 1.5 ሜትር የሚሆነው ውሃ ውስጥ ነው። 12 ሜትር ላይ ያለ ጉድጓድ ይቅርና፣ 30 ሜትር ላይ ያለውም ቢሆን እንዲህ ካለ ሽንት ቤት ቁልቁል ከሆነ አላምነውም።

2. ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እወቁ

የከርሰ ምድር ውሃ አይቆምም፤ ቀስ እያለ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ መሬቱ ወደሚያዘነብልበት ይሄዳል። በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ግን ዓይን ይሸወዳል። ስለዚህ መለካት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ በአካባቢው ያሉ ሦስት ጉድጓዶች፣ ገመድ፣ ሜትር፣ እና ግንበኞች ልክ የሚያወጡበት ግልጽ የውሃ ጎማ ነው። ሦስቱ ጉድጓዶች በአንድ መስመር ላይ የተደረደሩ አይሁኑ። በጎማው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገራችሁ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ ዓይነት ልክ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከምልክቱ እስከ ውሃው ድረስ ያለውን በገመድና በድንጋይ ለኩ። ይሄ ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳይቀዳ መሆን አለበት። ከተቀዳ በኋላ ውሃው ስለሚወርድ ልኩ ይዛባል።

በምሳሌያችን ከመንገዱ ማዶ በምሥራቅ ያለው ጉድጓድ 2.45 ሜትር ወጣ። የደቡቡ ጎረቤት 2.60፣ ከኋላ በምዕራብ ያለው ደግሞ 2.95 ሜትር ሆነ። ከአንድ ልክ ስንለካ ቁጥሩ ያነሰበት ጉድጓድ ውሃው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ውሃው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል ማለት ነው፤ ከመንገዱ ወደ ጓሮው።

የሚቻል ከሆነ ይሄን ክረምት ላይ አንድ ጊዜ፣ በበጋ አንድ ጊዜ ለኩ። ወንዝ ወይም ረግረግ አጠገብ ከሆናችሁ አቅጣጫው በወቅት ሊለወጥ ይችላል። ወንዙ ሲሞላ ውሃው ከወንዙ ወደ መሬቱ ይገፋል።

3. በወረቀት ላይ ሣሉና ቦታውን ምረጡ

ግቢውን ሣሉ። የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም ሽንት ቤት፣ በረት፣ የፍግ ክምር፣ የቆሻሻ ጉድጓድ አስገቡ። አጥር ሰውን እንጂ የከርሰ ምድር ውሃን አይመልስም። ድሮ ተሞልቶ የተዘጋ ሽንት ቤት ካለም ምልክት አድርጉበት። ከተዘጋ በኋላም ከሰገራና ከሽንት የሚመጣ፣ በውሃ የሚሟሟ ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ለዓመታት ሊያፈስ ስለሚችል እንደ ሽንት ቤት ቁጠሩት። እዚህ ላይ ሽማግሌ መጠየቅ ይጠቅማል፤ የተዘጋ ሽንት ቤት የት እንደነበር የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው።

አሁን ማድ ቤቱ አጠገብ የታሰበውን ቦታ እንየው። ከሽንት ቤቱ 12 ሜትር ነው፤ እሱም ቁልቁል ነው። ይህ አይሆንም። ወደ ጓሮው ቢገፋስ? 30 ሜትር ይሞላል። ግን አሁንም ከሽንት ቤቱ በታች ነው፤ በዚያ ላይ በረቱ አለ።

የሚቀረው የግቢው የፊት ለፊት ጥግ ነው፤ ደቡብ ምሥራቅ። ከመንገዱ አጥር 4 ሜትር፣ ከደቡቡ አጥር 3 ሜትር። የደቡቡ ጎረቤት ሽንት ቤት በእነሱ ጓሮ ስለሆነ ከዚህ ቦታ 26 ሜትር ይርቃል። 30 አልሞላም፤ ግን ከጉድጓዱ ቁልቁል ነው፤ ፍሳሹ ወደ ጓሮ እንጂ ወደ እኛ አይመጣም። የራሳችን አሮጌ ሽንት ቤት በጎን በኩል 20 ሜትር ላይ ነው፤ እሱ ይዘጋል። ከመንገዱ ማዶ፣ ሽቅብ በኩል ያለው የቅርቡ ሽንት ቤት 35 ሜትር ነው። አዲሱ የቤተሰቡ ሽንት ቤት ደግሞ ጓሮው ውስጥ፣ ከምዕራቡ አጥር 3 ሜትር ላይ ይሠራል። ከጉድጓዱ 33 ሜትር ይርቃል፤ ቁልቁልም ነው።

ይሄ ምርጫ ዋጋ አለው። ከማድ ቤቱ ይርቃል፤ ጀሪካን የምትሸከመው ደግሞ ቦታውን የመረጠው ሰው አይደለችም፣ አብዛኛውን ጊዜ። ሌላም ችግር አለው፦ የመንገዱ ጎርፍ መጀመሪያ የሚያገኘው ይሄን ጥግ ነው። እኔ ግን አሁንም እዚሁ ነው የምለው። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በሲሚንቶና በቦይ መመለስ ይቻላል። ከሥር የሚመጣውን የሽንት ቤት ፍሳሽ አንዴ ከተቆፈረ በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም።

ግቢያችሁ በጣም ትንሽ ከሆነስ? ከተማ ውስጥ 150 ወይም 200 ካሬ ላይ 30 ሜትር ማግኘት አይቻልም። እንዲህ ካለ ቅድሚያ የምትሰጡት አቅጣጫው ነው፤ ጉድጓዱ ሽቅብ፣ ሽንት ቤቱ ቁልቁል። ቀጥሎ ሽንት ቤቱን ከፍ ማድረግ ነው። ይሄም ሆኖ ዙሪያውን የጎረቤት ሽንት ቤቶች ከከበቧችሁ ጉድጓዱን ለልብስ፣ ለግንባታና ለአትክልት አድርጉት። የሚጠጣው ከሌላ ይምጣ።

4. መጀመሪያ ሽንት ቤቱን ከፍ አድርጉ

ቅደም ተከተሉ ብዙዎችን ይገርማል። ጉድጓድ ልትቆፍሩ ነው፤ ሥራው ግን ከሽንት ቤቱ ይጀምራል።

ነሐሴ ላይ ውሃው 2.5 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ከዚያ ላይ 1.5 ሜትር ደረቅ አፈር ስንተው ለሽንት ቤቱ የሚቀረን 1 ሜትር ጥልቀት ብቻ ነው። 1 ሜትር ደግሞ ቶሎ ይሞላል። መፍትሔው 1 ሜትር ወደ ታች፣ 1 ሜትር ወደ ላይ ማድረግ ነው። ከመሬት በላይ ያለው በድንጋይ ወይም በብሎኬት ይገነባል። ፍሳሽ በጎን እንዳይወጣ ከውስጥ በደንብ ይለሰናል። ዙሪያውን አፈር ተከምሮ ይጠቀጠቃል፤ አምስት ስድስት ደረጃ ይሠራለታል። ከመሬት በታች ያለው ግድግዳ ፍሳሹን እንዲያሳልፍ ያለ ልስን ይተዋል።

ይበቃል ወይ? አንድ ሰው በዓመት እስከ 60 ሊትር የሚሆን ደረቅ ዝቃጭ ይተዋል ብለን እንያዝ። ለስድስት ሰው 360 ሊትር ነው። ጉድጓዱ 1.2 ሜትር በ1.2 ሜትር ቢሆንና ከሁለቱ ሜትር የላይኛው ግማሽ ሜትር ባዶ ቢተው፣ 2,160 ሊትር ይይዛል። ስድስት ዓመት ያገለግላል። ይሄ ልክ የሚሠራው ግን ፍሳሹ ወደ አፈሩ ከሰረገ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠግብ በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ የገላ መታጠቢያ ውሃና የልብስ እጣቢ እዚያ ውስጥ አይግባ። ውሃ በጨመራችሁ ቁጥር ሽንት ቤቱ ቶሎ ከመሙላቱም በላይ ቆሻሻውን ወደ ታች ትገፉታላችሁ።

አሮጌው ሽንት ቤት በበጋ፣ ውሃው ወርዶ ሳለ ይዘጋ። በአፈር ይሞላ፣ ይጠቅጠቅ። አናቱ ጉብ ይበል፤ አፈሩ ሲሰጥም ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቦታ እንዳይሆን።

5. ቁፋሮውና የላይኛው 3 ሜትር

የምትቆፍሩት ውሃው ዝቅ በሚልበት በሚያዝያና በግንቦት ይሁን። ጥቅምት ላይ ብትቆፍሩ ውሃ ቶሎ ታገኛላችሁ፤ ሚያዝያ ላይ ግን ይደርቅባችኋል። በምሳሌያችን ውሃው 7 ሜትር ላይ ስለሆነ እስከ 10 ሜትር ይወረዳል።

ቁፋሮው ሲጀመር አንድ ነገር ተከታተሉ፦ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ከዙሪያው እያላበ ከመጣ ደግ ነው፤ አፈሩ እያጣራው ነው። ከድንጋይ ስንጥቅ ፈንጠር ብሎ ከመጣ ግን ተጠንቀቁ። በስንጥቅ ውስጥ የሚሄድ ውሃ አይጣራም፤ በአጭር ጊዜም ሩቅ ይደርሳል። 30 ሜትር የሚለው ልክ የተሠራው ለአፈር ነው። ለተሰነጣጠቀ ድንጋይ አይሠራም። እንዲህ ካጋጠማችሁ፣ ስንጥቁ የሚመጣው ከሽንት ቤት አቅጣጫ ከሆነ ደግሞ፣ ውሃው ሳይመረመርና ሳይታከም አይጠጣ።

ስለ ቆፋሪው ደህንነት አንድ ቃል፦ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አየር ሊበከል ይችላል። ከአንድ ቀን በላይ ቆሞ የነበረ ጉድጓድ ውስጥ አየር ሳይናፈስ ማንም አይውረድ። ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰር፤ ላይ ሁለት ሰው ይቁም። የቤንዚን ወይም የናፍጣ ሞተር በምንም ዓይነት ወደ ጉድጓዱ አይውረድ። አንድ ሰው ከታች ቢወድቅ ሊያወጣው የሚገባውም አብሮ ይሞታል።

ግድግዳው በሲሚንቶ ቀለበት ይያዝ፤ ውስጡ 1 ሜትር ስፋት ያለው ለቤት ይበቃል። የታችኛዎቹ ቀለበቶች ቀዳዳ ይኖራቸዋል፤ ውሃ የሚገባው በእነሱ ነው። የላይኛዎቹ ግን ውሃ አያሳልፉ። ከመሬት ወለል እስከ 3 ሜትር ድረስ መጋጠሚያዎቹ በሲሚንቶ ይደፈኑ፤ ከውስጥም ይለሰኑ።

ብዙ ቆፋሪዎች የሚስቱት ከቀለበቱ ጀርባ ያለውን ክፍተት ነው። ቁፋሮው ከቀለበቱ ይሰፋል። በመካከል አንድ ስንዝር ገደማ ክፍተት ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ የወጣው አፈር እንዳለ ተመልሶ ይጣልበታል። ከላይ ሲያዩት ሞልቷል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ግን ጎርፉ በዚያ ለስላሳ አፈር ውስጥ ከቀለበቱ ጀርባ ቁልቁል ወርዶ በቀዳዳዎቹ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ከላይ ያለው ክዳን ምንም ያህል ቢያምር አያድንም።

ስለዚህ ክፍተቱ እንዲህ ይሞላ። ታች ቀዳዳ ያላቸው ቀለበቶች ጀርባ የታጠበ ጠጠር ይግባ። ከዚያ በላይ እርጥብ የሸክላ አፈር፣ አንድ ስንዝር እየተጨመረ እየተጠቀጠቀ ይውጣ። የላይኛው ግማሽ ሜትር በኮንክሪት ይታሰር። የወጣውን ዋልካ መልሳችሁ አትጠቀሙ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሰኔ ጎርፍ ደግሞ የሚገባው በዚያ ነው።

6. የጉድጓዱ አፍ፣ ወለሉና ቦዩ

አፉ ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ጎርፍ ወይም የወንዝ ሙላት በሚደርስበት ቦታ ግን መለኪያው መሬቱ ሳይሆን ጎርፉ ነው። በቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን የቆየ የጭቃ ምልክት እዩ፤ ከእሱ ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጉ።

ዙሪያውን በየአቅጣጫው 1.5 ሜትር የሚሰፋ የሲሚንቶ ወለል ይሠራ። ዋልካ ላይ በቀጥታ የፈሰሰ ወለል ቶሎ ይሰነጠቃል፤ አፈሩ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ከሥሩ 50 ሴንቲ ሜትር ጥቁር አፈር አውጡና ጠጠር ባለበት ቀይ አፈር ተኩት፤ በደንብ ጠቅጥቁት። ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ከቀጭን ፌሮ ጋር፣ ላዩ ሊሾ። ወለሉ ከጉድጓዱ ወደ ውጭ ይዘንብል፤ በአንድ ሜትር ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ጠርዙ ላይ አንድ እጅ ከፍ ያለ ዙሪያ ይሠራለት፤ የፈሰሰው ሁሉ በአንድ መውጫ ብቻ እንዲሄድ። ከመውጫው የሲሚንቶ ቦይ ቢያንስ 6 ሜትር ሄዶ ጎመንና ሙዝ ያለበት ቦታ ይድረስ። ውሃው እዚያው ጉድጓዱ ሥር ከቆመ ጭቃው የዶሮና የበግ መዋያ ይሆናል።

አሁን ወደ መንገዱ ጎርፍ። ከጉድጓዱ ሽቅብ፣ በአጥሩ ውስጥ፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ለዚህ ግቢ ይበቃል። የወጣው አፈር በጉድጓዱ በኩል ይከመር እንጂ በመንገዱ በኩል አይሁን፤ ክምሩ ሁለተኛ መከላከያ ነው። ሣር ይተከልበት። ቦዩ ጎርፉን ወደ መንገዱ የጎን ቦይ ይመልስ፤ ወደ ጎረቤት ግቢ አትልቀቁት፣ ሌላ ጠብ ነው። የቤቱ አሸንዳም ጉድጓዱ አጠገብ አያፍስስ። በአንድ ዝናብ ከአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ቀላል አይደለም።

ክዳኑ ከፌሮና ከሲሚንቶ ይሠራ፤ መቅጃው በላሜራ ይዘጋ፣ ይቆለፍ። የመቅጃው ጠርዝ ከክዳኑ ከፍ ይበል፤ የፈሰሰ ውሃ ተመልሶ እንዳይገባ። አቅም ካለ የገመድ ፓምፕ አስገቡ። ካልሆነ አንድ ባልዲ፣ አንድ ገመድ ብቻ ይኑር፤ ባልዲው መሬት ሳይነካ በመስቀያ ላይ ይዋል። ጎረቤት በራሱ ባልዲ ከቀዳ እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ በዚያች ባልዲ ቂጥ ይፈርሳል። መከልከል ካስቸገረ እናንተ ቅዱላቸው።

7. ከመጠቀማችሁ በፊት እጠቡት

አዲስ ጉድጓድ በሠራተኛው እግርና በዕቃ የተበከለ ነው። ግድግዳውን በብሩሽ እጠቡ፣ ውሃውን ቀድታችሁ ጣሉ፣ ከዚያ በረኪና ጨምሩ። ስሌቱ ቀላል ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም ለ1,000 ሊትር፣ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ ሊትር ነው። በጉድጓዳችን ውስጥ 3 ሜትር ውሃ አለ፤ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። 0.5 × 0.5 × 3.14 × 3 ሲሆን 2.4 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣል። ስለዚህ 2.4 ሊትር በረኪና ይበቃል። ሽቶ የሌለው ይሁን፤ መጠኑንም ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ። በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ ግድግዳውን እያረሳረሳችሁ ጨምሩት። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ጉድጓዱ አይውረድ። አንድ ሌሊት ይደር፤ በማግሥቱ ሽታው እስኪጠፋ ቀድታችሁ ድፉት። የሚደፋው ወደ መንገዱ የጎን ቦይ እንጂ ወደ ጎመኑ አይሂድ።

ጎርፍ በአፉ ገብቶ ከሆነ ይሄው ሥራ ይደገማል። ሽንት ቤት ከሥር የሚያፈስበት ጉድጓድ ግን በበረኪና አይድንም። ዛሬ ይጸዳል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ ይበከላል።

8. ችግሩ ከላይ ነው ወይስ ከሥር?

ዝናብ በዘነበ ዕለት ውሃው ከደፈረሰ፣ ወይም ከዝናቡ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በጉድጓዱ ያለው ውሃ ብድግ ካለ፣ የሚገባው ከላይ ነው። ወለሉን ስንጥቅ ፈልጉበት። በቀለበቱና በወለሉ መጋጠሚያ ላይ ቀጭን መስመር እንኳ ቢታይ በሲሚንቶ ድፈኑት። ከውስጥም በባትሪ እዩ፤ በላይኛው 3 ሜትር ላይ እርጥብ ጭረት ካለ ውሃ በዚያ ይገባል ማለት ነው። ይሄ ፍተሻ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር መደረግ አለበት።

ከሥር የሚመጣው ግን አይታይም። ውሃው ኩልል ያለ፣ ጣዕሙም ጥሩ ሊሆን ይችላል። የሚያሳየው ምርመራ ብቻ ነው። በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል ጠይቁ፤ ሁለት ነገር ይታይላችሁ፦ የሰገራ ባክቴሪያና ናይትሬት። ሁለቱንም አንድ ጊዜ ነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ሚያዝያ ላይ አስመርምሩ። ሚያዝያ ላይ ንጹሕ ሆኖ ነሐሴ ላይ ባክቴሪያ ከተገኘበት፣ ወለሉና ግድግዳው ደግሞ ደህና ከሆኑ፣ የአንዱ ሽንት ቤት ወለል ውሃው ውስጥ ገብቷል ብላችሁ ፈልጉ። ከእናንተ ሽቅብ ካሉት ጀምሩ።

ባክቴሪያ በተገኘበት ወቅት ውሃው ይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ መድኃኒት ይታከም። ናይትሬት ግን ሌላ ነው፤ ማፍላት አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበዛል። በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም ካለፈ፣ ቤት ውስጥ የዱቄት ወተት የሚበጠበጥለት ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ካለ፣ የእሱ ወተት የሚበጠበጥበት ውሃ ከዚያ ጉድጓድ አይቀዳ።